«ከጥር ጀምሮ 6,500 ትከፍያለሽ» ተባልኩ፤ ውሌ ግን ገና አላለቀም

ጥያቄ፦ ማራኪ አካባቢ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ውላችን ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ለሁለት ዓመት ነው፤ ኪራዩ በወር 4,500 ብር። ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 አከራዬ እትዬ በር ላይ ጠርተውኝ «ከጥር ጀምሮ 6,500 ትከፍያለሽ፤ ለጥምቀት እንግዳ ባከራየው ስንት አገኝበት ነበር፤ ካልተመቸሽ ልቀቂልኝ» አሉኝ። ደንግጬ ዝም አልኩ። ውሉ ላይ ስለ ጭማሪ ያለው ይህ ብቻ ነው፦ «አከራይ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ የገበያውን ሁኔታ በማየት፣ ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ በማሳወቅ፣ በኪራዩ ላይ እስከ 15 በመቶ ሊጨምር ይችላል።» ጎረቤቶቼ «ገበያውን በማየት ይላል፣ መብታቸው ነው» ይሉኛል። ለጥር ስንት ልክፈል?
ከ. ከጎንደር

መልስ፦ ለጥር የሚከፍሉት 4,500 ብር ነው። አከራይዎ መጨመር አይችሉም ማለታችን ግን አይደለም። ይችላሉ፤ ግን ሌላ መጠን፣ ከሌላ ቀን ጀምሮ፣ በሌላ መንገድ። ይህን ሁሉ የሚወስነው የጻፉልን ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እናንብበው።

እንዲህ ያለውን የውል ቃል ስታነቡ ከመጨረሻው ጀምሩ። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያው ኋላ ነው፤ ጎረቤቶችዎ ደግሞ መሐል ላይ ያገኙትን «ገበያ» የሚል ቃል ይዘው ቀሩ። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ «ሊጨምር ይችላል» ነው። «ይጨምራል» ቢል ኖሮ አንድ ዓመት ሲሞላ ኪራዩ በራሱ ከፍ ይል ነበር። «ሊጨምር ይችላል» ግን ለአከራይ የተሰጠ ፈቃድ ነው፤ አከራይዋ እስካልተጠቀሙበት ድረስ ኪራዩ ባለበት ይቆያል። ከፊቱ የተደረደሩት «ካለፈ በኋላ»፣ «በማየት»፣ «በማሳወቅ» ደግሞ የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታዎች ናቸው። አንዱ ከጎደለ ፈቃዱ አልተከፈተም።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። ከማሰሪያው ቀጥሎ ያለው «እስከ 15 በመቶ» ነው፤ የእርስዎ ትልቁ መከላከያም እሱ ነው። «እስከ» ጣሪያ ነው። መነሻው ደግሞ «በኪራዩ ላይ» ስለሚል በውሉ የተጻፈው 4,500 ነው እንጂ ጎረቤት ያለ ቤት የሚከራይበት ዋጋ አይደለም። የ4,500 ብር 15 በመቶ 675 ብር ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ውል ዘመን አከራይዎ ሊጠይቁ የሚችሉት ትልቁ ኪራይ 5,175 ብር ነው። 6,500 ማለት የ2,000 ብር ጭማሪ ነው፣ ከ44 በመቶ በላይ፤ በየትኛውም ወር ቢጠየቅ ከውሉ ጣሪያ ውጭ ነው።

ታዲያ «የገበያውን ሁኔታ በማየት» ምን ይሠራል? አከራይ ከዜሮ እስከ 15 በመቶ ባለው ውስጥ የትኛውን እንደሚመርጡ ምን እያዩ እንደሚወስኑ ይናገራል፤ ከዚያ አያልፍም። ገበያው እጥፍ ቢሆንም ጣሪያው ከቦታው አይነቃነቅም። የጥምቀት ሰሞን ዋጋማ ገበያ ተብሎ ለመጠቀስ እንኳን ይከብዳል። ጥር 10 እና 11 ከተማው በእንግዳ ሲሞላ በአዳር የሚጠየቀው ገንዘብ ለጥቂት ቀን የሚቆይ ዋጋ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከሚኖርበት ቤት የወር ኪራይ ጋር አይነጻጸርም። ይህን ለአከራይዎ ማስረዳት ግን አያስፈልግዎትም፤ ጣሪያው ስላለ ስለ ገበያው መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

«አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ» የሚለው በአከራይዎ በኩል ተሟልቷል። የመጀመሪያው ዓመት ጳጉሜን 5 ቀን 2017 አልቋል። ከመስከረም 1 ቀን 2018 ጀምሮ ፈቃዱ ክፍት ስለሆነ እዚህ ላይ አይከራከሩ፤ በማያሸንፉበት ነጥብ መከራከር የሚያሸንፉበትንም ያደበዝዛል። አንድ ቀዳዳ ግን አለ። ውሉ «አንድ ጊዜ ብቻ» አይልም። አንዳንድ አከራይ በየካቲት 15 በመቶ ጨምሮ በግንቦት ደግሞ በአዲሱ ኪራይ ላይ ሌላ 15 በመቶ ይጠይቃል። የእኛ ንባብ ጣሪያው ለውሉ ዘመን በሙሉ 4,500 ላይ የተጣለ አንድ ጣሪያ ነው የሚል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቃሉ አጠራጣሪ ሲሆን ጥቅሙን ባስገባው ወገን ላይ አጥብቦ፣ ግዴታ ላለበት አድልቶ እንዲተረጎም ያዛል (ቁጥር 1738)። ይህ የጭማሪ ቃል የገባው ለአከራይ ጥቅም ነውና ጥርጣሬው ለእርስዎ ይሠራል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ላይ ደረስን፦ «ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ በማሳወቅ»። ታኅሣሥ 12 በር ላይ የተነገረው ቃል ነው፤ ጽሑፍ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ ወር ከታኅሣሥ 12 አልተቆጠረም፤ መቆጠርም አልጀመረም። እርስዎ ደንግጠው ዝም ማለትዎም መስማማት አይሆንም፤ በሕጉ ዝምታ በመርሕ ደረጃ እንደ እሺታ አይወሰድም (ቁጥር 1682)። መቁጠር የሚጀመረው ወረቀቱ እጅዎ ከገባበት ቀን ነው። አከራይዎ ይህን አንብበው ታኅሣሥ 20 ቀን ወረቀት ይሰጡዎታል እንበል። ሁለት ወሩ የካቲት 20 ይሞላል። ኪራይዎ በወር ስለሚታሰብ ጭማሪው ያለ ጭቅጭቅ የሚጀምረው ከመጋቢት ኪራይ ነው። «የየካቲትን የመጨረሻ አሥር ቀን ጨምሪ» ቢሉ የ675 ብር ሲሶው 225 ብር ነው፤ ለዚህ ብለው እትዬን ባያስቀይሙ ይሻላል።

ሒሳቡን እስከ ውሉ ማብቂያ እንውሰደው፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ይታያል። ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ስድስት ወር ነው። ስድስት ጊዜ 675 ብር 4,050 ብር ይሆናል፤ ሕጋዊው ጭማሪ በጠቅላላ ይኸው ነው። አከራይዎ እንዳሉት ከጥር ጀምሮ 6,500 ቢከፍሉ ግን ስምንት ወር ጊዜ 2,000፣ ማለትም 16,000 ብር ይጨምራሉ። ልዩነቱ 11,950 ብር ነው። ጳጉሜንን አላስገባናትም፤ በልማድ በወር የሚከፈል ኪራይ የዓመቱን አሥራ ሁለት ወር ይዞ ጳጉሜንን በነፃ ያሳልፋል፤ ውሉ ለብቻ ካልጠቀሳት አሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ የሚጠይቅ ካለ እሱም የተደበቀ ጭማሪ ነው።

ስለ ተደበቀ ጭማሪ ካነሳን፣ ኪራዩን ሳይነኩ «የጥበቃ 300፣ የቆሻሻ 200» እያሉ የሚያስገቡም አሉ። ውሉ ውኃና መብራት ተከራይ ይከፍላል ካለ የሚከፍሉት ቆጣሪው ያነበበውን ወይም የተስማማችሁትን ድርሻ ነው። ግቢው በአንድ ቆጣሪ ከሆነ ቢሉን አይተው፣ ስንት ቤት እንደሚካፈለው ቆጥረው ይክፈሉ። በውሉ ያልተጻፈ አዲስ ወርኃዊ ክፍያ ስሙ ምንም ይሁን ምን ኪራይ መጨመር ነው፤ ከ15 በመቶው ጣሪያ ውስጥ ይቆጠራል ብለው መሟገት ይችላሉ።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ፤ እዚህ ጋ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ቀን ወደ ኋላ መጻፍ ነው። ታኅሣሥ 20 የተሰጠ ወረቀት ራሱ ላይ «ኅዳር 1» ተብሎ ይመጣል፤ ተከራይ ሳያይ ይፈርማል፤ ሁለት ወሩ በፊርማው አልፎ ያድራል። ሁለተኛው «ደርሶኛል» ብሎ የፈረመ ሰው «ተስማምቷል» ተብሎ መቅረቡ ነው። ሁለቱንም በአንድ መስመር ይዘጋሉ። ወረቀቱን ሲቀበሉ ከፊርማዎ በላይ በእጅዎ «ይህ ጽሑፍ ዛሬ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ደርሶኛል፤ ፊርማዬ መድረሱን ብቻ ያረጋግጣል» ብለው ይጻፉ። ቀጥሎ እዚያው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። በስልክ መልእክት ቢልኩልዎ «ጽሑፍ አይደለም» ብለው ከመካድ ይልቅ ከደረሰበት ቀን ይቁጠሩ፤ ዳኛ ፊት ሲደርስ ወደ የትኛውም ሊሄድ የሚችል ክርክር ስለሆነ ለሁለት ሳምንት ጥቅም አይጣሉበት።

ከውሉ ጀርባ ያለው ሕግ አጭር ነው። በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731። የቤት ኪራይ መጠንም በስምምነት የሚወሰን ነው፤ አንዱ ወገን ብቻውን ጠዋት ተነስቶ የሚቀይረው አይደለም። «ኑሮ ተወደደ፣ ጤፍ ስንት ገባ» የሚለው እውነት ቢሆንም፣ ውል መፈጸም ለአንዱ ወገን ከበድ ስላለ ብቻ ውሉ አይለወጥም (ቁጥር 1764)። አከራይዎ ይህን ስጋት አስቀድመው አይተውት ነበር፤ 15 በመቶውን ያስጻፉት ለዚሁ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ አዋጅ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። ጭማሪን በተመለከተ ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ምጣኔ መሠረት ነው። ልብ ይበሉ፣ አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ላይ ነው። ስለዚህ ውልዎን ይዘው ክፍለ ከተማዎ ይሂዱና የቤት ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ በእኛ ከተማ የኪራይ ውል ምዝገባ ተጀምሯል ወይ? የዘንድሮው የጭማሪ ምጣኔስ ስንት ነው? «አዎ» ካሉ ምጣኔው የተገለጸበትን ማስታወቂያ ይመልከቱ፤ ፎቶ ያንሱ። በወሬ የሰሙትን በመቶ ይዘው አከራይ ፊት አይቅረቡ።

ምጣኔ ካለ ከውሉ ጣሪያ ጋር የሚነበበው እንዲህ ነው። የተፈቀደው 10 በመቶ ነው ብንል ውሉ 15 ቢልም አከራይዎ ከ450 ብር በላይ አይጨምሩም፤ ኪራዩ 4,950 ይሆናል። የተፈቀደው 20 በመቶ ነው ብንል ደግሞ አዋጁ እስከዚያ ፈቀደ ማለት እንጂ ውሉን ሰረዘ ማለት አይደለም፤ አከራይዎ ራሳቸው የፈረሙት 15 በመቶ ያስራቸዋል። ከሁለቱ ዝቅተኛው ይሠራል። አዋጁ በእናንተ ዘንድ ገና ካልሠራ ደግሞ ጣሪያው ያው የውሉ 15 በመቶ ነው። በሦስቱም መንገድ 6,500 አይደረስም።

የሌሎች አንባቢያን ውል ከእርስዎ ሊለይ ስለሚችል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት በሚሸጠው ቅጽና ደላላ በሚጽፈው ውል ላይ የሚያጋጥሙ ቃላትን አንድ በአንድ እንያቸው። ውሉ ስለ ጭማሪ ጭራሽ ካላነሳ በውሉ ዘመን ጭማሪ የለም ማለት ነው፤ ዝም ያለ ውል ለአከራይ የተተወ ባዶ ቦታ አይደለም። «ኪራይ በጋራ ስምምነት ሊሻሻል ይችላል» የሚለው ለሁለቱም ወገን ምንም አይጨምርም፤ ባይጻፍም ሁለቱ ከተስማሙ ማሻሻል ይችሉ ነበርና። «ስምምነት አለብሽ» ተብሎ ሲነበብ ግን ያስፈራል፤ አልስማማም ካሉ ኪራዩ ባለበት ይቆያል። «በየዓመቱ 500 ብር ይጨምራል» የሚለው ግልጽ ነው፤ ማሳወቂያም አያስፈልገውም፣ ቀኑ ሲደርስ ይከፈላል። አደገኛው «አከራይ እንደ ገበያው ሁኔታ ኪራይ ማሻሻል ይችላል» ብሎ ጣሪያም፣ ጊዜም፣ ማሳወቂያም ሳያስቀምጥ የሚቆመው ነው። እሱን የፈረመ ሰው ፍርድ ቤት ቢሄድ የሚከራከርበት አያጣም፤ ግን ወራት የሚፈጅ ክርክር ነው። ከመፈረሙ በፊት ግን እዚያው ቅጹ ላይ በእስክርቢቶ «በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከ10 በመቶ ሳይበልጥ» ብሎ አስገብቶ ሁለቱም ወገን ከጎኑ ቢፈርሙበት በሁለት ደቂቃ ይስተካከል ነበር።

እርስዎ ጋ አንድ ተጨማሪ ነገር ማየት አለብዎት፤ የጭማሪውን አንቀጽ ብቻ ሳይሆን ውል ስለማቋረጥ የሚያወራውንም ያንብቡ። «አከራይ ቤቱን ሲፈልገው በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ማስለቀቅ ይችላል» የሚል ካለበት የ15 በመቶው ጣሪያ ግማሽ ጉልበቱ ሄዷል፤ አከራይ «አልጨምርብሽም፤ ግን ቤቱን ፈልጌዋለሁ» ማለት ይችላልና። አዋጁ በአካባቢዎ የሚሠራ ከሆነ ይህ ቃል ከሁለት ዓመቱ ዝቅተኛ ዘመን ጋር ይጋጫል። የማይሠራ ከሆነ ግን ቃሉን በቁም ነገር ይያዙት፤ ድርድርዎም በዚያው ልክ ለስለስ ይበል። እንዲህ ያለ አንቀጽ ከሌለ «ልቀቂልኝ» የሚለው እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2018 የቁጣ ቃል ነው። ቤት ማስለቀቅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይቻልም፤ ቁልፍ መቀየር፣ ውኃ መዝጋትና ቆጣሪ ማጥፋትም የማስለቀቂያ መንገድ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ቢደረግ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው፣ ያዩ ጎረቤቶችን ይዘው፣ ፎቶ አንስተው በዚያው ሳምንት አቤት ይበሉ።

አሁን የጥርን ክፍያ። ኪራዩን በተለመደው ቀን፣ ቢቻል ከአንድ ቀን በፊት፣ 4,500 ብር በባንክ ወይም በስልክ ክፍያ ያስገቡ። ምክንያት በሚለው ቦታ «የጥር 2018 የቤት ኪራይ ሙሉ ክፍያ» ብለው ይጻፉ፤ «ሙሉ» የሚለውን እንዳይረሱ። በጥሬ ገንዘብ ብቻ እቀበላለሁ ካሉ ከመስጠትዎ በፊት ደረሰኝ ወይም ፊርማ ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ የሚታመን ሰው ባለበት ይስጡ። ብሩን «6,500 እስኪሞላ አልቀበልም» ብለው ቢመልሱስ? ገንዘቡን አያጥፉት፤ ማቅረብዎንና እምቢ መባልዎን በጽሑፍ ያሳውቁ። ገንዘብ ተቀባዩ ወገን ክፍያ አልቀበልም ሲል ሕጉ ገንዘቡን በፍርድ ቤት በኩል የማስቀመጥ መንገድ አበጅቷል፤ ከዚያ በኋላ «አልከፈለችም» ሊባሉ አይችሉም። መክፈል ያቆመ ተከራይ ግን በጭማሪው ክርክር ትክክል ቢሆንም በኪራይ ባለመክፈል ይሸነፋል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፦ «መጀመሪያ ይለይልን» ብሎ ሁለት ወር ይይዛል፣ ጥያቄው ከጭማሪ ወደ ውዝፍ ይቀየራል።

ተቃራኒውም ስሕተት ነው። «ለጥር ብቻ 6,500 ልክፈልና ሰላም ይሁን» ብለው አንድ ጊዜ ከከፈሉ፣ የባንኩ መዝገብ እርስዎ ጭማሪውን ተቀብለው መፈጸምዎን የሚያሳይ ወረቀት ይሆናል። በየካቲት ወደ 4,500 ሲመለሱ ጎደለ የሚባለው የእርስዎ ክፍያ ነው። አስቀድመው ከፍለው ከሆነ ደግሞ በዚያው ሳምንት «ከውሉ በላይ የከፈልኩት 2,000 ብር ለየካቲት ኪራይ ይታሰብልኝ» ብለው ይጻፉ፤ ዘግይቶ ከመጻፍ ይሻላል። ከዚህ የባሰው «ውሉን እናድሰው» የሚለው ግብዣ ነው። ውሉ ከመንፈቅ በላይ እየቀረው 6,500 የተጻፈበት አዲስ ወረቀት ላይ ከፈረሙ የቀድሞው ጣሪያ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ የሚነበበው አዲሱ ውል ነው።

ለአከራይዎ የሚሰጡት ወረቀት ረዥም መሆን የለበትም። ክስ የሚሸት፣ በአንቀጽ ቁጥር የታጨቀ ደብዳቤ የሰፈር ዝምድናን ያበላሻል፤ አከራይንም እልህ ያስገባል። መጀመሪያ ቡና ሲጠጡ በቃል ይንገሯቸው፤ «እትዬ፣ ውሉን ገልጬ አየሁት፤ ከመጋቢት ጀምሮ ውሉ የሚለውን 675 ብር እጨምራለሁ» ማለት ክርክሩን ግማሽ ያበርደዋል፣ ምክንያቱም እምቢ እያሉ አይደለም። ቀጥሎ በወረቀት ይህን ያህል ይበቃል፦

«ለወ/ሮ …፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ኪራይ ከጥር ጀምሮ 6,500 ብር እንዲሆን በቃል ነግረውኛል። በውላችን መሠረት ጭማሪ የሚደረገው ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ተገልጾ፣ በ4,500 ብር ላይ ከ15 በመቶ ሳይበልጥ ነው። ስለዚህ የጥርን ኪራይ 4,500 ብር ከፍያለሁ። ጭማሪውን በጽሑፍ ሲያሳውቁኝ ከሁለት ወር በኋላ ካለው ኪራይ ጀምሮ እስከ 5,175 ብር ለመክፈል ዝግጁ ነኝ። ፊርማ፣ ቀን።»

በሁለት ቅጂ ጽፈው አንዱ ላይ መቀበላቸውን ያስፈርሙ። መፈረም ካልፈለጉ በውሉ ላይ እማኝ ሆነው የፈረሙትን ሰዎች ይጥሩ። እማኞቹ የእርስዎም የእሳቸውም ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌ መሆን ያምርባቸዋል፤ ውሉ ሲነበብ አጠገብ ስለነበሩም «እስከ 15» የሚለውን ማንም ሊክድባቸው አይችልም። በዚህ ካልተቋጨ ነው የቀረው መንገድ የሚታሰበው። ዋናውን የውል ወረቀት ግን ለማንም አያበድሩ፤ ለሽማግሌም፣ ለክፍለ ከተማም የሚያሳዩት ፎቶ ኮፒውን ነው። እርስዎ ጋ ኮፒ ብቻ ካለና ዋናው እሳቸው ዘንድ ከሆነ፣ ክርክሩ ከመክረሩ በፊት ዛሬውኑ ሁሉንም ገጽ ከነፊርማዎቹ ጥርት ባለ ፎቶ ያንሱ።

የመጨረሻው ስለ መስከረም 2019 ነው። ጣሪያው የሚሠራው በውሉ ዘመን ውስጥ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2018 ሲያልፍ፣ አዋጁ በአካባቢዎ ካልሠራ፣ አከራይዎ ለአዲስ ውል 6,500ም 7,000ም ማለት ይችላሉ፤ እርስዎም አልፈልግም ማለት ይችላሉ። ሁለታችሁም ዝም ብላችሁ እርስዎ ቤቱ ውስጥ ከቀጠሉና እሳቸውም ኪራይ ከተቀበሉ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል፤ ያኔ ግን በአጭር ማስጠንቀቂያ የሚቋረጥ ውል ይሆናል፣ ሁለት ዓመት የሚለው ዋስትና አይኖርም። ስለዚህ ንግግሩን ለጳጉሜን አያቆዩት፤ ልጅዎ ትምህርት የሚመዘገብበት ሰሞን ቤት መፈለግ ከባድ ነው፣ አከራይዎም ያንን ያውቃሉ። ሰኔ ላይ ይጀምሩ። አዲሱ ውል ሲጻፍ የጭማሪው መስመር እንዲህ ቢሆን የዘንድሮው ጭቅጭቅ አይደገምም፦ «ኪራይ በውሉ ሁለተኛ ዓመት መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጀመሪያው ኪራይ ላይ ከ10 በመቶ ሳይበልጥ፣ ከሁለት ወር በፊት ተከራይ በቀን ፈርማ በተቀበለችው ጽሑፍ ሲገለጽ ሊጨመር ይችላል። ከዚህ ሌላ በማናቸውም ስም ተጨማሪ ወርኃዊ ክፍያ አይጠየቅም።»